«ካርዱ ሞተ» ከማለታችሁ በፊት ቁጥሩን አንብቡ

ወዳጆቼ፣ በተለይ ደግሞ ተማሪዎቼ የነበራችሁ፣ ዛሬ የምጽፈው ረዘም ይላል። ስለ ጌም ነው። «መምህሩ ሥራ ፈታ እንዴ?» የምትሉ አትጠፉም፤ እናንተ እለፉት፣ አልቀየምም። የምጽፈው ግን ሰቆጣ ውስጥም ሆነ ከሰቆጣ ወጥታችሁ አምደወርቅ፣ ኮረም፣ ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ ገብታችሁ ስልካችሁ ላይ ክላሽ ሮያል ለምትጫወቱ ሁሉ ነው። ብዙዎቻችሁ እንደምትጫወቱ አውቃለሁ፤ ክፍል ውስጥ ከዴስክ ሥር ስትጫወቱ ስልካችሁን የቀማሁት እኔው ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚህ ጌም ሲዝን የሚጀምረው በፈረንጆቹ ወር የመጀመሪያ ሰኞ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከሲዝኑ ጋር ኩባንያው ሱፐርሴል የማስተካከያ ማስታወሻ ያወጣል፤ የትኛው ካርድ ተቀነሰ፣ የትኛው ተጨመረ የሚል። እናንተ ፓች ኖት የምትሉት ማለት ነው። ማስታወሻው ከወጣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ የቴሌግራም ግሩፑ ይታመሳል። «ዛፕ ሞተ!» «ሆግ አለቀለት!» «ይሄን ዴክ ያዙ፣ ሌላው ቆሻሻ ነው!» አንድ ቲክቶከር ይጮሃል፣ መቶ ሰው ይደግመዋል። ቁጥሩን የሚጠቅስ ግን አንድም የለም። «ኔርፍ ተደርጓል» ከተባለ በቃ፣ ቀብር ነው። «በፍ ተደርጓል» ከተባለ ደግሞ ሠርግ።

ይሄ ነው የሚያናድደኝ። ምክንያቱም ቀልድ አይደለም፣ ዋጋ አለው። አንድ ካርድ ወደ ላይኛው ሌቭል ለማሳደግ አሥር ሺዎች ወርቅ ይበላል። ብር ከፍሎ የማይገዛ ልጅ ያንን ወርቅ የሚያጠራቅመው በሳምንታትና በወራት ጨዋታ ነው፤ ያውም በዳታ፣ ዳታው ደግሞ በብር። ከዚያ አንድ የማያውቀው ሰው «ሞተ» ስላለው ያሳደገውን ካርድ ጥሎ፣ «ንጉሥ ሆነ» የተባለውን ማሳደግ ይጀምራል። በቀጣዩ ወር ደግሞ ንጉሡ ይወርዳል። የወጣው ወርቅ አይመለስም። ልጁ ሁልጊዜ አዲስ ዴክ ለማጅ ነው፣ ሁልጊዜ ተሸናፊ ነው፣ ሁልጊዜም «ጌሙ ተበላሸ» ባይ ነው።

የእኔ ክርክር አጭር ነው፦ ማስታወሻው የሚነግራችሁ ምን ያህል እንደተቀነሰ ብቻ ነው። ጨዋታው ውስጥ ምን እንደተለወጠ አይነግራችሁም። እሱን የምታገኙት ራሳችሁ አስልታችሁ ነው። ስሌቱ ደግሞ ማካፈልና ማወዳደር እንጂ ሌላ አይደለም።

ጌሙን ለማታውቁ በሁለት መስመር ላስረዳ። እያንዳንዱ ተጫዋች ስምንት ካርድ ይዞ ይገባል፤ ስምንቱ አንድ ላይ ዴክ ይባላሉ፣ ቡድናችሁ ማለት ነው። ካርድ ለማውረድ ኤሊክሰር የሚባል ጉልበት ይከፈላል፤ እሱም በየ2.8 ሰከንዱ አንድ አንድ እየጨመረ ይጠራቀማል፣ ከ10 አያልፍም። የጠላትን ታወር ያፈረሰ ያሸንፋል። ስለዚህ ጨዋታው የሒሳብ ጨዋታ ነው፦ በስንት ኤሊክሰር የስንት ኤሊክሰር ነገር አጠፋሁ?

አሁን ወደ ክፍላችን ልውሰዳችሁ። ማለፊያው 50 የሆነ ፈተና አለ እንበል። መምህሩ ከሁሉም ተማሪ ላይ 6 በመቶ ልቀንስ አለ። 90 ያገኘው ልጅ ወደ 85 ገደማ ወረደ፤ ምን ሆነ? ምንም። አልፏል። 40 ያገኘው ወደ 38 ገደማ ወረደ፤ ምን ሆነ? ምንም። መጀመሪያም ወድቋል። 52 ያገኘው ግን 49 ሆነ። የእሱ ሕይወት ተለወጠ። ቅጣቱ ለሦስቱም እኩል 6 በመቶ ነው፤ ውጤቱ ግን የነካው አንዱን ብቻ ነው፤ መስመሩ አጠገብ የቆመውን።

ፓች ኖት ማንበብ ማለት ይሄንን 52 ያገኘ ልጅ መፈለግ ነው። ሌላው ሁሉ ጩኸት ነው።

በእውነተኛ ምሳሌ ላሳያችሁ። ከዓመታት በፊት ሱፐርሴል የዛፕን ምት በ6 በመቶ ቀነሰ። ዛፕ በ2 ኤሊክሰር የሚወርድ የመብረቅ ካርድ ነው፤ በአንድ ጊዜ ይመታል፣ የመታውንም ለግማሽ ሰከንድ ያደነዝዛል። ብዙ ሰው «6 በመቶ ምን አላት፣ ሽራፊ ናት» ብሎ አለፋት። ሌላው ወገን ደግሞ «ዛፕ ሞተ» ብሎ ከዴኩ አወጣው። ሁለቱም ሳያነቡ ነው የፈረዱት።

ቁጥሩን እንየው። በዚያን ጊዜ ውድድር ላይ ሁሉም ካርድ በሌቭል 9 እኩል ይደረግ ነበር። በዚያ ሌቭል የዛፕ ምት 169 ነበር፤ 6 በመቶ ሲቀነስ 159 ሆነ። አሁን ዛፕ የሚመታቸውን ትንንሽ ካርዶች አንድ በአንድ አምጡ። የሌሊት ወፎቹ ላይፋቸው 67 ነው፤ በ169ም ይሞታሉ፣ በ159ም ይሞታሉ፤ ለውጥ የለም። ጦር ወርዋሪዎቹ ጎብሊኖች 110 ናቸው፤ አሁንም በሁለቱም ይሞታሉ፤ ለውጥ የለም። ሚኒየኖቹ 190 ናቸው፤ በፊትም አይሞቱም ነበር፣ አሁንም አይሞቱም። በፊት 21 ይተርፋቸው ነበር፣ አሁን 31 ይተርፋቸዋል፤ ከዚያ ታወሩ አንድ ጊዜ ሲመታቸው በሁለቱም መንገድ ያው ሞት ነው።

ባለ ጩቤዎቹ ጎብሊኖችስ? ላይፋቸው 167 ነው። 169 ሲመታቸው ይሞታሉ። 159 ሲመታቸው ግን በ8 ላይፍ ይተርፋሉ።

52 ያገኘው ልጅ ይኸውላችሁ! ያ «ሽራፊ» የተባለው 6 በመቶ በአማርኛ ሲተረጎም አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ከዛሬ ጀምሮ እኩል ሌቭል ያለው ዛፕ ጎብሊን አይገድልም።» ሌላው የዛፕ ሥራ፣ ማደንዘዙም፣ የሚበር መምታቱም፣ ዋጋውም፣ እንዳለ ነው።

እዚህ ላይ ደርሶ ማቆምም ግን ግማሽ ንባብ ነው። ቀጣዩ ጥያቄ «ጎብሊን የሚያወርድብኝ ማነው?» የሚል ነው። የጎብሊን በርሜል የሚባል ካርድ አለ፤ በ3 ኤሊክሰር ሦስት ጎብሊኖችን በቀጥታ ታወራችሁ ላይ ወርውሮ ያፈሳል። ከለውጡ በፊት በ2 ኤሊክሰር ዛፕ ሦስቱንም ትገድላላችሁ፤ አንድ ኤሊክሰር አተረፋችሁ፣ ታወራችሁም አልተነካ። ከለውጡ በኋላ ሦስቱም በቋፍ ይተርፋሉ። ታወሩ በየ0.8 ሰከንዱ አንዱን ብቻ ነው የሚመታው፤ ሦስቱን አንድ በአንድ እስኪጨርስ የመጨረሻው ጎብሊን ጥቂት ጊዜ ይወጋችኋል። አንዴ ቢሆን ቀላል ነው። በርሜሉ ግን በአንድ ጨዋታ ደጋግሞ ይመጣል፤ ያ ሁሉ ሲደመር ታወር ነው።

ስለዚህ ለውጡ የሚመለከተው ማንን ነው? በተደጋጋሚ በርሜል የሚገጥመውንና በዛፕ ብቻ ሲመክት የነበረውን። እሱ ዘ ሎግ የሚባለውን ግንድ ቢያስገባ ይሻለዋል፤ በዚያው በ2 ኤሊክሰር ጎብሊኖቹን ይገድላል። ግን ልብ በሉ፣ ግንዱ መሬት ለመሬት ነው የሚንከባለለው፤ የሚበር አይነካም። የሌሊት ወፍና ሚኒየን የሚያስቸግረው ሰው ዛፑን አውጥቶ ግንድ ካስገባ፣ ቀላል ቀዳዳ ደፍኖ ትልቅ ቀዳዳ ከፈተ። ለእሱ ትክክለኛው እርምጃ ምንም አለመንካት ነው።

አያችሁ? አንድ ለውጥ፣ ሁለት ተጫዋች፣ ሁለት ተቃራኒ መልስ። «ዛፕ ሞተ» የሚለው ሰው ለሁለታችሁም አንድ መልስ ነው የሰጣችሁ። ዴካችሁን አይቶ ያውቃል? አያውቅም።

ሁለተኛው ነገር ሌቭል ነው፤ ይሄ ደግሞ ለእኛ ለድሆቹ ከሁሉ ይበልጣል። ማስታወሻው ሲጻፍ ሁለታችሁም እኩል ሌቭል እንደሆናችሁ አድርጎ ነው። ተራው ጨዋታ ላይ ግን ባላጋራችሁ ከእናንተ በአንድና በሁለት ሌቭል የሚበልጥበት ቀን ብዙ ነው። አንድ ሌቭል ሲጨምር የካርዱ ቁጥር ወደ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። እስቲ አስሉት፦ ባላጋራችሁ በአንድ ሌቭል የሚበልጥ ዛፕ ይዞ ከመጣ፣ የተቀነሰው 159 በ10 በመቶ አድጎ ወደ 175 ይጠጋል። የእናንተ ጎብሊን አሁንም 167 ነው። ሞተ! ለእናንተ ኔርፉ ጭራሽ አልተደረገም። በተቃራኒው ደግሞ ጎብሊናችሁ በአንድ ሌቭል የሚበልጥ ከሆነ ላይፉ 184 ገደማ ነው፤ ለውጡ ከመምጣቱ በፊትም ከ169 ይተርፍ ነበር። ለእናንተ ያኔም ምንም አልተለወጠም።

እንግዲህ ያ ቲክቶከር ሁሉም ካርዱ የመጨረሻው ሌቭል ላይ ነው። የሚያወራው ስለ ራሱ ጨዋታ ነው፤ ለራሱ ጨዋታ ልክ ሊሆንም ይችላል። አንተ ግን እዚህ ሰቆጣ ተቀምጠህ፣ ካርድህ ከባላጋራህ በአንድ ሌቭል እያነሰ፣ የእሱን ፍርድ ወስደህ ወርቅህን ታፈሳለህ። የሌላ ሰው ማዘዣ ይዞ መድኃኒት እንደመዋጥ ነው።

በነገራችን ላይ እንግሊዝኛው ከበደን የምትሉ አላችሁ። ሰበብ ነው፤ አልቀበልም። የማስታወሻው ቋንቋ ከአሥር ቃል አይበልጥም። Hitpoints ላይፍ ነው፣ Damage ምት ነው። አንዷ ብቻ ናት የምታሳስት፦ Hit Speed። ፍጥነት ስለምትል ቁጥሩ ሲጨምር ካርዱ የፈጠነ ይመስላል። አይደለም! ቁጥሩ በአንድ ምትና በሚቀጥለው ምት መካከል ያለው ሰከንድ ነው። 1.5 የነበረው 1.6 ከሆነ ካርዱ ዘገየ፤ ተጎዳ ማለት ነው። በዚህች አንዲት መስመር ምክንያት ስንት ሰው «በፍ ተደረገልን» ብሎ ሲጨፍር አይቻለሁ።

ደጋግሞ የሚመታ ካርድ ላይም ስሌቱ ያው ነው። የጠላትን ላይፍ በምታችሁ አካፍሉ፤ ከተረፈ ወደ ላይ አጠጋጉ፤ የምቱ ብዛት ወጣላችሁ። ለምሳሌ ላይፉ 1000 የሆነውን በ100 ብትመቱት 10 ምት ይፈልጋል። ምታችሁ በ5 በመቶ ጨምሮ 105 ቢሆን? 9 ነጥብ ምናምን ነው፤ ዘጠኝ ተኩል ብሎ ምት የለም፣ አሁንም 10 ምት ነው። በፉ ለእዚያ ጠላት ባዶ ነው። 112 ቢሆን ግን 9 ምት ይበቃል። ስለዚህ «በ5 በመቶ ተጨመረለት» የሚለው ዜና ደስታም ሐዘንም አይደለም፤ ገና ያልተፈታ ጥያቄ ነው።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ነጥቤ ይኸው ነው፦ ማስታወሻ ውስጥ ሁለት ዓይነት መስመር አለ። አንዱ ቁጥር የሚቀይር ነው፤ እስካሁን ያወራነው። ሌላው ሕግ የሚቀይር ነው። ሕግ የሚቀይረው መስመር ብዙ ጊዜ ቁጥር ስለሌለው ዓይን አይስብም። ግን መጀመሪያ መነበብ ያለበት እሱ ነው።

በክልላችን የሆነውን ታስታውሳላችሁ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የሞባይል ኢንተርኔት ጠፍቶ ለአንድ ዓመት ገደማ ቆየ። የሚጫወት ሁሉ ያቆመው ያኔ ነው። ሲመለስ ብዙዎቻችሁ የድሮ ዴካችሁን ይዛችሁ ገባችሁና ተደበደባችሁ። ከዚያ ምን አላችሁ? «ካርዶቻችን ሁሉ ኔርፍ ተደርገዋል።» እውነት ነው፣ በመሃል ብዙ ቁጥር ተነካክቷል። ዋናው ነገር ግን እሱ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ጌሙ ታወሩን ራሱን የሚመረጥ አድርጎት ነበር። ድሮ የሁሉም ሰው ታወር ላይ የምትቆመው ያቺው ልዕልት ናት። ከዚያ ወዲህ ግን ታወር ላይ የሚቆመውን ተጫዋቹ ይመርጣል፤ መጀመሪያ መድፈኛው መጣ፣ ቀጥላ ባለ ጩቤዋ ዱቼስ።

ይሄ ለዴክ ምን ማለት ነው? ዱቼሷ ስምንት ጩቤ አላት። ጩቤዎቿ እስኪያልቁ በፍጥነት ትወረውራለች፤ ሲያልቁባት ዘገምተኛ ትሆናለች፣ እስክትሞላም ጊዜ ይፈጃል። እንግዲህ አስቡት። ዴካችሁ በርካሽ ካርድ ቶሎ ቶሎ እየዞረ አንድ ሆግ ብቻውን የሚልክ ከሆነ፣ ሆጋችሁ የሚደርሰው ስምንቱም ጩቤ ሞልቶ ሲጠብቀው ነው። ልዕልቲቱ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመታ የነበረው አሁን ያነሰ ይመታል። የሆግ ቁጥር አንዲትም ሳይነካ! በተቃራኒው ፊት ላይ ወፍራም ካርድ አስቀድሞ ከኋላ ሌላ የሚያስከትል ዴክ፣ ጩቤዎቹን በወፍራሙ ላይ ያስጨርስና የኋለኛው በሰላም ይገባል። ይሄንን «ሆግ ኔርፍ ተደረገ ወይ?» ብላችሁ ብትፈልጉት የትም አታገኙትም። የተለወጠው ሆግ አይደለም፤ ሆግ የሚሄድበት ቦታ ነው።

ከረጅም ጊዜ በኋላ ለምትመለሱ አሠራሩ እንዲህ ነው። የዓመቱን ማስታወሻ ከሥር ጀምራችሁ ቁጥር በቁጥር ለመከታተል አትድከሙ። ቁጥር አንዴ ይወርዳል፣ አንዴ ይወጣል፤ 100 የነበረው በ10 በመቶ ወርዶ 90፣ ከዚያ በ10 በመቶ ወጥቶ 99 ይሆናል፤ «ተመለሰ» ያላችሁት ነገር አንድ ጎድሎበታል። የአሁኑን ቁጥር የካርዱ መግለጫ ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ፤ እሱ ይበቃል። ከአሮጌው ማስታወሻ የምትፈልጉት የሕግ መስመሮቹን ብቻ ነው፦ አዲስ ምን ዓይነት ነገር ገባ? ድሮ የማይቻል ምን ተቻለ? ድሮ የሚቻል ምን ተከለከለ?

ይሄ የክላሽ ሮያል ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ የትልልቆቹን ታሪክ ልንገራችሁ። ኦቨርዎች የሚባል ጌም አለ፤ ያኔ ስድስት ለስድስት ነበር የሚጫወቱት። ሦስት ወፍራም ተከላካይና ሦስት ፈዋሽ ብቻ ይዞ አንድ ላይ ተጣብቆ የሚገፋ አሰላለፍ ተፈጠረ፤ ጎትስ ይሉታል። አጥቂ የሚባል የለውም። እ.ኤ.አ. በ2019 የኦቨርዎች ሊግ ላይ ቡድኖቹ ሁሉ ማለት ይቻላል በዚሁ ነበሩ። ኩባንያው የአሰላለፉን ምሰሶ፣ ብሪጊተ የምትባለውን፣ ጋሻዋን ቀነሰ። አልፈረሰም። ለምን? ቁጥር ተነካ እንጂ ስድስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ የሚሠሩት ነገር ስላልተነካ።

የሻንጋይ ድራጎንስን ነገር ስሙ እንግዲህ። ይሄ ቡድን በ2018 ሲዝን 40 ጨዋታ ተጫውቶ 40ውንም የተሸነፈ ነው፤ መሳቂያ ነበር። በሐምሌ 2019 ግን ሦስት አጥቂ አሰልፎ የሦስተኛውን ምዕራፍ ፍጻሜ ሳን ፍራንሲስኮ ሾክን 4 ለ 3 አሸንፎ ወሰደ። ሁሉም ያነበበው ማስታወሻ አንድ ነው። ሁሉም «ያለ ጎትስ አይቻልም» ሲል፣ እነሱ በራሳቸው ልጆች ምን ይቻላል ብለው አሰሉ።

ከዚያ በዚያው በሐምሌ መጨረሻ የሕግ መስመር መጣች፦ ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ተከላካይ፣ ሁለት አጥቂ፣ ሁለት ፈዋሽ ግዴታ ነው። በቃ። ስንት የቁጥር ቅነሳ ያላፈረሰውን ጎትስ አንዲት ዓረፍተ ነገር ቀበረችው። ትልቁ ቁም ነገር ደግሞ ይሄ ነው፤ የጎትስ ሊቃውንት የነበሩት ሾኮች «ካርዳችን ሞተ» ብለው ቁጭ አላሉም። አዲሱን ሕግ አንብበው አሰላለፋቸውን ከሥር ሠሩትና በመስከረም ወር መጨረሻ የሲዝኑን ዋንጫ ቫንኩቨር ታይታንስን 4 ለ 0 ረትተው ወሰዱ።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቼ ልምጣ፤ አውቃቸዋለሁ፣ ኮመንት ላይ ይመጣሉ።

አንደኛው «ኩባንያው አዲስ ካርድ ለመሸጥ ነው አሮጌውን የሚቀንሰው» ይላል። ሊሆን ይችላል፤ ነጋዴ ነው። ግን ወንድሜ፣ የቀነሰበት ምክንያት የምቱን ብዛት አይቀይረውም። በተንኮል የተቀነሰ 6 በመቶም፣ በቅንነት የተቀነሰ 6 በመቶም፣ ያው 159 ነው። ተንኮሉን ስትመረምር ጎብሊኑ እየወጋህ ነው።

ሁለተኛው «ባለሙያዎቹ አንብበውልናል፣ የእነሱን ዴክ መቅዳት አይሻልም?» ይላል። ቅዳ፤ መቅዳት ኃጢአት አይደለም። ግን ምን እየቀዳህ ነው? ባለሙያው የሚገጥመው ባለሙያ ነው፣ በእኩል ሌቭል ነው፣ ጠላቶቹም የተወሰኑ ዴኮች ናቸው። አንተን የሚገጥምህ ሰፈር ሌላ ነው። የመጨረሻ ሃያ ጨዋታህን ታሪክ ክፈትና ስንቱ በርሜል እንደያዘ ቁጠር። ሁለት ከሆነ ስለ በርሜል አትጨነቅ። ስምንት ከሆነ ግንድህን አስገባ። ይሄንን ቁጥር በዓለም ላይ ከአንተ በቀር ማንም አያውቀውም።

ሦስተኛው «ጌም ለመዝናናት ነው እንጂ ለሒሳብ አይደለም» ይላል። ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም። ዝም ብሎ የሚጫወት ይጫወት፣ ይዝናና። የእኔ ጠብ ሳያሰላ ከሚፈርደው፣ ፈርዶም የልጆችን ወርቅ ከሚያስጥለው ጋር ነው።

የዚህ ዘዴ ወሰኑም አይደበቅ። ወረቀት ላይ ያሰላችሁት ነገር ሜዳ ላይ በትክክል ላይመጣ ይችላል፤ ካርዱ ይገፋል፣ አቅጣጫ ይቀይራል፣ ጣታችሁ ይዘገያል። ስለዚህ ወርቅ ከማውጣታችሁ በፊት ፈትኑት። ክላናችሁ ውስጥ ካለ ጓደኛ ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ግቡ፤ እዚያ የካርዶቹ ሌቭል እኩል ይደረጋል፣ የምታጡትም ነገር የለም። እሱ በርሜሉን አምስት ጊዜ ይወርውር፣ እናንተ አምስት ጊዜ መክቱ፣ ታወራችሁ ስንት እንደጎደለ ጻፉ። ከዚያ ካርዱን ቀይራችሁ ድገሙት። አሥር ደቂቃ ነው። አሥር ደቂቃ ጠፍቶ ነው የወር ወርቅ የሚፈሰው?

ደብተር ያዙ ስላችሁ ትስቃላችሁ፤ ግን ያዙ። የስምንቱን ካርዳችሁን ላይፍና ምት፣ ከእነሱም አጠገብ ዘወትር የሚያስቸግሯችሁን አምስት ስድስት ካርዶች ጻፉ። አንድ ገጽ አይሞላም። ማስታወሻ በወጣ ቀን የምትሠሩት የተነካውን መስመር አጥፍቶ አዲሱን መጻፍና «የሚሞተው ይተርፋል ወይ? የሚተርፈው ይሞታል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። አብዛኛውን ወር መልሱ «ምንም አልተለወጠም» ነው የሚሆነው። «ምንም አልተለወጠም» ትልቅ መልስ ነው፤ ወርቃችሁ ኪሳችሁ ቀረ ማለት ነው።

ለግሩፕ አድሚኖች አንድ ጥያቄ አለኝ፣ በትሕትና ነው። ከእንግዲህ «እገሌ ካርድ ሞተ» ብሎ የሚለጥፍ ሰው ሦስት ነገር አብሮ ይጻፍ፦ ቁጥሩ ስንት ነበር፣ ስንት ሆነ፣ ለውጡስ የማንን ሞት ነው ያስቀረው ወይም ያመጣው። ሦስቱን ያልጻፈ ልጥፉ ይነሳ። ግሩፑ ጸጥ ይላል ብላችሁ ከፈራችሁ፣ ጸጥ ይበል። የሚቀጥለው ሲዝን ሰኞ ሲመጣ ማን እንደሚጽፍና ማን ዝም እንደሚል እናያለን።

ኮመንት ላይ የምትከራከሩኝ፣ በቁጥር ኑ።